ለባልደረባዬ ሰርግ መዋጮ ተጠይቄ አሁን አልችልም፤ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

የጥግ ጠረጴዛ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ለሌላ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

በክፍላችን አንዷ ባልደረባችን ልታገባ ነው። ከእሷ ውጪ 12 ሰዎች ነን። የጋራ ስጦታ እንግዛላት ተባለና አንዲት እህት ገንዘብ የማሰባሰቡን ሥራ ወሰደች። ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው መጠን እኩል ተካፍሎ ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ የስም ዝርዝር አለ። የከፈለ ሰው ዝርዝሩን ኮፒ አድርጎ ከስሙ አጠገብ ምልክት ያደርግና መልሶ ይለጥፈዋል። እስካሁን ከግማሽ በላይ ሰው ምልክት አድርጓል። እስከ ዓርብ ጨርሱ ተብለናል።

እኔ አሁን አልችልም። የቤት ኪራይ ተጨምሮብኛል። እናቴ ታማ ለሕክምና የተበደርኩትም አለ። ደመወዝ እስኪገባ እጄ ላይ ያለው ገንዘብ ለትራንስፖርትና ለልጄ ተቆጥሮ የተመደበ ነው። ከዚያ ላይ ካነሳሁ ወር ሳይሞላ ሥራ መምጫ አጣለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ አምና ስወልድ እነዚሁ ሰዎች ለእኔ አዋጥተዋል። ሙሽራዋም አዋጥታለች። ይሉኝታው ገደለኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ለማንስ ነው የምናገረው?

ፈገግታ

አይዞሽ እህቴ። እኔ ብሆን ትንሽም ብትሆን እሰጣለሁ። የተባለውን ሙሉ መጠን መክፈል የለብሽም። ሩቡን ስጪና ከዝርዝሩ ውስጥ ግቢ። ዋናው መኖርሽ ነው፤ መጠኑን ማንም አያይም።

ብድር በምድር

እኔ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ለአንቺ ሲዋጣ እነሱም ኪሳቸው ሞልቶ አልነበረም። ለእኔ የሰጠኝ ሰው ተራው ሲደርስ እኔ ብጎድልበት ቀና ብዬ አላየውም። ተበድሬም ቢሆን እሰጣለሁ።

ባለ ፖስታው

እህቴ፣ እኔ በሁለት መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመት መዋጮ ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ነገሩ ከሰብሳቢው በኩል እንዴት እንደሚታይ ልንገርሽ።

ሰብሳቢን የሚያስጨንቀው "አልችልም" ያለው ሰው አይደለም። ዝም ያለው ነው። አልችልም ያለውን ከቁጥር አውጥተን ስጦታውን በዚያ ልክ እንመርጣለን፤ አለቀ። ዝም ያለውን ግን ይከፍላል ብለን እንቆጥረዋለን።

በሒሳብ ላሳይሽ። ስጦታው 1200 ነው እንበል። ለ12 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 100 ይደርሳል። ሁለት ሰዎች አስቀድመው "የለንበትም" ካሉ ወይ 1000 የሚያወጣ ዕቃ ይፈለጋል፣ ወይ የቀሩት 10 ሰዎች 120፣ 120 ያወጣሉ። ሁለቱም አያጣላም። ዕቃው ከተገዛ በኋላ ሁለት ሰዎች ከጎደሉ ግን 200 የሚወጣው ከሰብሳቢዋ ኪስ ነው። የከፈሉትን ሰዎች "እንደገና ጨምሩ" ማለት አትችልም፣ ያልከፈሉትንም በየቀኑ መጠየቅ ያሳፍራታል። በመዋጮ ሰበብ ሰው ሲቀያየም ያየሁት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ቀኑ ከቃሉ ይበልጣል። ዓርብን አትጠብቂ። ዛሬ፣ ካልሆነም ነገ ጠዋት፣ ለሰብሳቢዋ ብቻ በግል ጻፊላት። ግሩፑ ላይ እንዳትጽፊው። እዚያ ከጻፍሽ አንዱ በሰው ፊት "እኔ እሸፍንላታለሁ" ይላል፣ ሌላው አሳቢ መስሎ ምን ገጠመሽ ብሎ ይጠይቃል፤ የሰርጉ ወሬ ያንቺ የኪስ ወሬ ሆኖ ያርፋል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ሙሽራዋ ግሩፑ ውስጥ አለች?

የጥግ ጠረጴዛ

የለችም። ለዚህ ብቻ ተብሎ የተከፈተ ግሩፕ ነው። ዝርዝሩን እሷ አታየውም፤ የቀረነው ግን ሁላችንም እናየዋለን።

@ፈገግታ፣ ስለ ምክርሽ አመሰግናለሁ፤ ግን ምልክት የሚደረገው ሙሉውን ለከፈለ ሰው ነው። ሩቡን ብሰጥ ከስሜ አጠገብ ቁጥሩ መጻፉ አይቀርም።

@ብድር በምድር፣ ያልከውን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ። አሁን ግን መበደር አልችልም። ያለብኝን ዕዳ ገና አልጨረስኩም።

ባለ ፖስታው

@ፈገግታ ያልሽው በሌላ ዓይነት መዋጮ ልክ ነው። ፖስታ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር፣ ማን ስንት እንደጨመረ ሳይታወቅ፣ ትንሽ ማስገባት ጥሩ መንገድ ነው። እኔ ራሴ ፖስታ የምመርጠው ለዚህ ነው። መጠኑ ተቆርጦ ስም በተዘረዘረበት መዋጮ ግን ትንሿ ገንዘብ ከባዶው ይበልጥ ዓይን ውስጥ ትገባለች። ሰብሳቢዋንም ሌላ ሥራ ታስይዛታለች፤ የጎደለውን ከማን ልሙላ ማለት ይመጣል። ደግሞም ይቺ እህት የተመደበ ገንዘብ ነው ያለኝ ብላለች። ከተመደበው ላይ ሩብም ቢነሳ ያው ጉድለት ነው።

ዳር ተመልካች

እኔም በዚህ ተቃጥያለሁ! አንድ ባልደረባዬ በየወሩ መጨረሻ ይበደረኛል። ባለፈው የወሰደውን ሳይመልስ እንደገና ይመጣል። አልሰጥም ስለው ያኮርፋል። እኔ የምመክርሽ፣ ለማንም አታበድሪ፤ አንዴ ከለመደ አይተውሽም።

ፈገግታ

@ዳር ተመልካች፣ ወንድሜ፣ እሷ ብድር አልተጠየቀችም፤ ለሰርግ ስጦታ አዋጪ ተብላ ነው። ያንተ ጉዳይ ለብቻው ቢነሳ ብዙ ሰው የሚመልስልህ ይመስለኛል።

ዳር ተመልካች

ይቅርታ፣ ርዕሱን ብቻ አይቼ ነው የጻፍኩት። ግን ሁለቱም "የለኝም" ለማለት ማፈር አይደል?

ሐቀኛዋ

እኔ የማምነው በእውነት ነው። ለሰብሳቢዋ ሁሉንም ንገሪያት። የእናትሽን ሕመም፣ የኪራዩን ነገር፣ ዕዳሽን። ሰው ሲያውቅ ያዝናል፤ ያዘነ ሰው ደግሞ አያማሽም። አጭር መልስ ከሰጠሽ "ምን ሆና ነው፣ ኩራት ነው" ይባላል።

ባለ ፖስታው

@ሐቀኛዋ፣ መዋሸት እንደሌለባት እስማማለሁ። ሁሉንም መዘርዘር ግን ሌላ ነገር ነው። ምክንያት በዘረዘርሽ ቁጥር ሰሚው መፍትሔ ማምጣት ይጀምራል። "ኪራይ ጨመሩብኝ" ስትይ "በማን ላይ ያልጨመሩ አለ" ትባያለሽ። "ደመወዝ አልገባም" ስትይ "ግድ የለም፣ ሲገባ ትሰጫለሽ" ይመጣል። "እናቴ ታማ" ስትይ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ላንቺም መዋጮ ይጀመራል። ልብ በሉልኝ፣ ይህን የሚያደርጉት ደግ ሰዎች ናቸው። ግን እህታችን አንድ መልስ ብላ የጀመረችው ወደ ድርድር ይቀየርባታል። ሰብሳቢዋ ጓደኛዋ ከሆነች ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ፣ ሁሉንም ትንገራት። ለመዋጮው መልስ ግን አንድ አጭር ምክንያት ይበቃል።

እኔ እንዲህ ብለው ሲጽፉልኝ ደስ ይለኝ ነበር፦

"ሰላም። የሰርጉን ስጦታ ስለምታስተባብሪልን አመሰግናለሁ። እኔ አሁን እጄ ስላጠረ በዚህኛው መዋጮ አልገባም። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት እንድታውቂው ብዬ ነው። ስሜን ከዝርዝሩ ብታወጪልኝ ደስ ይለኛል።"

ጨርቄን ማቄን አትበይ፤ በቃ ይሄው ነው። "አልገባም" የሚለው ቁርጥ ያለ ነው። "የምችል አይመስለኝም" ካልሽ ሰብሳቢዋ ለዓርብ ተስፋ ታደርጋለች። ስሜን አውጪልኝ ማለትሽም ይጠቅማል፤ ምልክት ያልተደረገበት ስም ዝርዝሩ በተለጠፈ ቁጥር ያስጠይቃል። የሌለ ስም ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ሁለተኛ ፈረቃ

እኔ አንድ ቀላል መንገድ አለኝ። "እሺ፣ ደመወዝ ሲገባ" በያት። ማንም አይቀየምም፣ አንቺም ጊዜ ታገኛለሽ። እኛ ቢሮ ሁሌም የሚሠራው እንዲህ ነው።

የጥግ ጠረጴዛ

@ሁለተኛ ፈረቃ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ይሄንኑ ነበር። ግን የሚቀጥለው ደመወዜም የሚሄድበት ታውቋል። ለሕክምናው የተበደርኩትን መክፈል የምጀምረው ያኔ ነው።

ባለ ፖስታው

እንግዲያው አትበዪው። "ደመወዝ ሲገባ" የሚሠራው ገንዘቡ በእርግጥ ለሚተርፈው ሰው ነው፤ ለእሱ ጥሩ መልስ ነው። ለሌላው ግን ሰብሳቢዋ ከኪሷ ትሞላለታለች፣ የክፍሉ መዋጮ የነበረው በሁለት ሰው መካከል ያለ ዕዳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ ስታዪያት መንገድ መቀየር ትጀምሪያለሽ።

ለአንድ ነገር ግን ተዘጋጂ። ሰብሳቢዋ "እኔ ልክፈልልሽ፣ በኋላ ትመልሻለሽ" ልትል ትችላለች። መልሱን አሁኑኑ ያዢ፦ "ስላሰብሽልኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ግን ሌላ ዕዳ መጨመር አልፈልግም።" ከዚህ በላይ ከገፋችሽ ቃሉን ሳትቀይሪ ድገሚላት። አዲስ ምክንያት አትፈልጊ።

አዲስ ገቢ

ጋሽ ባለ ፖስታው፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅ። እኛ ጋ የሚዋጣው ለሥራ አስኪያጁ ልደት ነው። የምትሰበስበው ደግሞ ጸሐፊዋ ናት። ከደመወዝ ይቆረጣል ተብሎ የስም ዝርዝር ለፊርማ እየዞረ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ገና አንድ ወር ነው። አልፈርምም ማለት ይቻላል?

ባለ ፖስታው

ያንተ ይከብዳል። ለአለቃ የሚዋጣ ነገር ላይ "በፈቃድ" የሚለው ቃል ብዙም ዋጋ የለውም፤ ዝርዝሩን የሚያየው የሥራ አፈጻጸምህን የሚሞላው ሰው ነው። ቢሆንም ፊርማው የሚዞረው ያለ ፈቃድህ መቁረጥ ስለማይገባ ነው። ካልፈለግህ አትፈርም። ዝርዝሩ ላይ "አልስማማም" ብለህ መጻፍም አያስፈልግህም፤ ባዶውን እለፈው። ከዚያ ደመወዝ ለሚሠራው ሰው "እኔ አልፈረምኩም፣ እንዳይቆረጥብኝ" ብለህ በጽሑፍ አሳውቀው። ደመወዝ ሲገባ ደግሞ ወረቀቱን እየው። በስህተት ተቆርጦ ከሆነ በዚያው ወር ማስተካከል ይቀላል፤ ከቆየ ማንም አያስታውሰውም።

ብድር በምድር

ሁላችሁም ስለ ሰብሳቢዋ ነው የምታወሩት። እኔ የምለው ስለ ሙሽራዋ ነው። አምና ለዚች እህት ልጅ የሰጠችው ሙሽራዋ ናት። የእሷ ቀን ሲመጣ ስሜን አውጪልኝ ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ገንዘብ ከጠፋ እሺ። ግን ነገሩ በመልእክት ተዘግቶ የሚያልቅ አይደለም።

ባለ ፖስታው

ይህን አንተ ስትል በከፊል እቀበልሃለሁ። መዋጮ ብድር አይደለም። አምና ያዋጡት ሰዎች ለምላሹ ቀን አልቆረጡም። ከዚያ ወዲህ የገቡም፣ የለቀቁም አሉ፤ ለለቀቁት ማን ይመልሳል? በሌላ በኩል ግን ሰው የተደረገለትን አይረሳም፣ እሷም አልረሳችም፤ ለዚያ ነው እንቅልፍ ያጣችው።

እኔ ያየሁት አንድ ነገር አለ። አንዲት ባልደረባችን መዋጮ አልገባችም። ሙሽራዋ ለሰርጓ ፈቃድ ስትወጣ ግን የእሷን ሥራ ማን ይሸፍናል ሲባል ቀድማ "እኔ" አለች። ወርኃዊውን ሪፖርት አብራ ሠራችላት። ስጦታው ምን እንደነበረ ዛሬ ትዝ አይለኝም፤ ያንን ግን ሙሽራዋ ስታወራው ሰምቻለሁ። ጊዜ ካለሽ እንዲህ ያለ ነገር አስቢ። ከሌለሽ ደግሞ ይህንንም እንደ ዕዳ አትቁጠሪው።

ብድር በምድር

ሥራ መሸፈኑን ተቀብያለሁ፤ ጥሩ ነው። እኔ ግን ያው ተበድሬ እሰጥ ነበር።

ሰነዶች ክፍል

እኔ በአሁኑ ሰዓት ለአንድ ሰው መሸኛ እየሰበሰብኩ ነው፤ ይህን ውይይት ያየሁትም ጥሩ ጊዜ ላይ ነው። ዝርዝሩን ዛሬ ከግሩፑ አነሳሁት። "የምትችሉ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ፤ የደረሰኝ ሲጠቃለል ድምሩን ብቻ እናገራለሁ፤ ስጦታው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው" ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ዕቃ መርጦ ለሰው ማካፈልን ትቼ በደረሰው ልክ መግዛት ማለት ነው። እስካሁን ማንም አላማረረም። አንዱ እንዲያውም ከተባለው በላይ ላከ።

የጥግ ጠረጴዛ

የሆነውን ልንገራችሁ። ዛሬ ጠዋት ባለ ፖስታው የጻፈውን ጥቂት ቀይሬ ላክሁ። ምሳ ሰዓት ላይ መለሰችልኝ፦ "እሺ የኔ እህት፣ ምንም ችግር የለም። ቀድመሽ ስለነገርሽኝ ደግሞ አመሰግናለሁ፤ ዕቃውን ነገ ልገዛ ነበር።" እከፍልልሻለሁም አላለችም። ከሰዓት ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሜ አልነበረም።

አንድ ልጅ ግን አስተዋለ። ከሥራ ስንወጣ ሰው በተሰበሰበበት "አንቺ ስምሽ የት ሄደ?" አለኝ። ክፉ አስቦ አይመስለኝም። "ከእሷ ጋር ተነጋግረናል" ብዬ ሌላ ወሬ አነሳሁ። ፊቴ እንደቀላ ግን ታውቆኛል።

አሁን አንድ ነገር ቀረኝ። ከስጦታው ጋር ካርድ አለ፤ ሁሉም ሰው ይፈርምበታል። ካላዋጣሁ መፈረም እችላለሁ?

ሐቀኛዋ

ፈርሚ! ካርድ የምኞት ነው፣ ደረሰኝ አይደለም። ያንቺ ስም ከሌለ ሙሽራዋ "እሷ ምን ሆነችብኝ" ነው የምትለው። ያን ጊዜ ነው ቅያሜ የሚመጣው።

ብድር በምድር

ካርዱ የሚሰጠው ከዕቃው ጋር ነው። ዕቃው ላይ ድርሻ የሌለው ሰው ሲፈርም ያዋጣው ሰው ቅር ሊለው ይችላል። እኔ ብሆን የራሴን ወረቀት ጽፌ ለብቻዬ እሰጣታለሁ።

ሰነዶች ክፍል

እኔ ስሰበስብ ካርዱን ለሁሉም ሰው ነው የማዞረው፤ ማን እንደከፈለና እንዳልከፈለ ሳልጠይቅ። ካርዱን መጀመሪያ ነው የማስፈርመው፤ ገንዘቡ ገና ሳይጠቃለል። ያኔ ማንም ሁለቱን አያገናኛቸውም።

ባለ ፖስታው

እኔ ካርዱ ላይ ምን እንደተጻፈ ነው የማየው። "ከመላው የክፍሉ ባልደረቦች፣ መልካም ጋብቻ" የሚል ከሆነ አንቺም የክፍሉ ባልደረባ ነሽ፤ ያለ ሐሳብ ፈርሚ። "ይህን ስጦታ ያበረከትንልሽ" የሚል ከሆነ ግን ብድር በምድር ያለው ይሻላል፤ የራስሽን ሁለት መስመር በሌላ ወረቀት ጻፊላት። አብዛኛው ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ግን ሳይደርስሽ አትገምቺ።

ፈገግታ

እኔ አሁንም የማይገባኝ፣ ያ ልጅ ለሌላ ሰው "እሷ አላዋጣችም" ቢልስ? ሙሽራዋ ጆሮ መድረሱ ይቀራል?

ባለ ፖስታው

ሊደርስ ይችላል፤ ያንን መከልከል አይቻልም። ቀድማ ለሙሽራዋ ትንገራት ወይስ ትተወው የሚለውን እኔም እርግጠኛ ሆኜ አልመልስም። ቅርብ ከሆኑ ትንገራት እላለሁ። በሥራ ብቻ የሚተዋወቁ ከሆነ ለሰርጓ በምትዘጋጅበት ሳምንት የሰው ችግር ማሸከም ይሆንብኛል።

የጥግ ጠረጴዛ

ቅርብ ነን፤ አብረን ነው ምሳ የምንበላው። ግን ከነገርኳት "ኧረ ተይው፣ እኔው ልስጥሽ" የምትል ዓይነት ሰው ናት፤ የፈራሁትም እሱን ነው። ከሰርጉ በኋላ ስትመለስ እነግራት ይሆናል። የእሷን የወር ሪፖርት እኔ እንደምይዘው ለአለቃችን ዛሬ ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል። ካርዱ ገና አልደረሰኝም።